«ባለፈው ወር ስንት አወጡ?» ከማለት በፊት

ሪያድ ውስጥ ጀራዲያ ሰፈር የሚኖሩ 200 የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችን ስለ ወጪያቸውና ስለ ጤናቸው ሊጠይቁ ተነሥተዋል እንበል። ለቀለብ ስንት ያወጣሉ? ወደ አገር ቤት ስንት ይልካሉ? ከቤቱ ማን ታመመ፣ የትስ ታከመ? መጠይቅ የሚያረቅ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሳያስብበት «ባለፈው ወር» የሚለውን ሐረግ በሁሉም ጥያቄ ፊት ይደረድራል። ደመወዝ በወር ነው፣ ሐዋላው በወር ነው፣ ሪፖርቱም በወር ይጻፋል፤ ጥያቄውም በወር ቢሆን የተስተካከለ ይመስላል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። የጊዜው ርዝመት መመረጥ ያለበት ነገሩ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚሆንና በሰው ልብ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ታይቶ ነው። የትኛውም ርዝመት ቢመረጥ ደግሞ የጊዜው መነሻ ላይ አጥር ካልቆመ ቁጥሩ ይበላሻል።

ሁለት ስሕተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሠራሉ። አንደኛው መርሳት ነው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ትንንሹና ተደጋጋሚው ወጪ፣ ማለትም ከባቃላ የተገዛው ዳቦና ወተት፣ ከፋርማሲ የተወሰደው የራስ ምታት ክኒን፣ ከትዝታ ይወጣል። ሁለተኛው ባለሙያዎች ቴሌስኮፒንግ የሚሉት ነው። ከጊዜው ወሰን ውጭ የሆነውን ነገር፣ በተለይ ትልቁንና የማይረሳውን፣ ሰውየው አቅርቦ ወሰኑ ውስጥ ያስገባዋል። ከአሥር ቀን በፊት የተገዛው ማቀዝቀዣ «ያለፈው ሳምንት» ግዢ ይሆናል። ነገሩን በግልጽ ያሳዩት ጆን ኔተርና ጆሴፍ ዋክስበርግ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የቤት ጥገና ወጪ ላይ ባሳተሙት ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሰዎች ያለ አጥር ሲጠየቁ የሚሰጡት ድምር፣ በቀደመው ቃለ መጠይቅ የተነገረው እየታየ ሲጠየቁ ከሚሰጡት በብዙ በልጦ ተገኘ፤ ወደ ፊት የሚሳበው በይበልጥ ትልቁ ሥራ ሲሆን የሚረሳው ደግሞ ትንሹ ነበር። ይህ መዘንጋት የለበትም፤ ሁለቱ ስሕተቶች የሚያጠቁት ነገር አንድ ዓይነት አይደለም።

አጭር ጊዜ መርሳትን ይቀንሳል ሲባል ሰምቶ ሁሉን ነገር በሰባት ቀን ለመጠየቅ መቸኮልም ያሳስታል። አንድ የሩዝ ጆንያ ይውሰዱ። እያንዳንዱ ቤት በየ28 ቀኑ አንድ ጆንያ የሚገዛ ከሆነና የግዢው ቀን በቤቶቹ መካከል የተሰባጠረ ከሆነ፣ በማናቸውም ሰባት ቀን ውስጥ ከ200ው ቤት የሚገዛው ሩቡ፣ 50 ቤት ነው። ከስምንት እስከ አሥር ቀን በፊት የገዙት ደግሞ ወደ 21 ይሆናሉ። ከእነዚህ ግማሾቹ «ሰሞኑን ነው» ብለው ወደ ውስጥ ቢስቡት 50 የነበረው 61 ያህል ይሆናል፤ ትርፉ ከ20 በመቶ ይበልጣል። ያንኑ ጥያቄ በ28 ቀን ቢጠይቁስ? ወሰኑ ላይ የሚፈሱት ቤቶች ቁጥር ያው አሥር ያህል ነው፤ አሁን ግን የሚደመረው 50 ላይ ሳይሆን 200 ላይ ስለሆነ ስሕተቱ ወደ አምስት በመቶ ይወርዳል። በወሰኑ ላይ የሚሾልከው መጠን ከጊዜው ርዝመት ጋር እምብዛም አያድግም፣ የሚከፋፈልበት ግን ያድጋል፤ ስለዚህ ጊዜው ባጠረ ቁጥር አጥሩ ይበልጥ ያስፈልጋል። አጭር ጊዜ ያለ አጥር መጠቀም ከመርሳት አውጥቶ ማጋነን ውስጥ ይጥላል።

እንግዲህ ምርጫውን ከቀለብ ይጀምሩ፤ ማስረጃው የበዛውም እዚህ ነው። በጋና የተደረገ ሙከራ በተደጋጋሚ የሚገዙ ዕቃዎችን ይዞ የጊዜውን ርዝመት ሲለዋውጥ፣ አንድ ቀን በተጨመረ ቁጥር የሚነገረው የቀን ወጪ በአማካይ 2.9 በመቶ ያህል ሲቀንስ አገኘ። በታንዛኒያ ካትሊን ቢግልና ባልደረቦቿ የተለያዩ መጠይቆችን ለተለያዩ ቤተሰቦች በዕጣ አከፋፍለው፣ በቅርብ ክትትል ከሚሞላ የየግል ማስታወሻ ደብተር ጋር አስተያዩ፤ ለደብተሩ ከቀረቡት መካከል ረጅም የዕቃ ዝርዝር ያለው የሰባት ቀን ጥያቄ ይገኝበታል። የኢትዮጵያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናትም ምግብን በሰባት ቀን፣ ሌላውን ወጪ በወርና በዓመት ከፋፍሎ ይጠይቃል። ለጀራዲያም ቀለብን በሰባት ቀን ይያዙ። አሥር ቀን ወይም «አንድ ሁለት ሳምንት» አይበሉ፤ ሰባት ቀን ከያንዳንዱ የሳምንት ቀን አንድ አንድ ስለሚይዝ የዓርብና የቅዳሜ ግዢ በሁሉም ቤት እኩል ይቆጠራል። አሥር ቀን ከሆነ ግን አንዱ ቤት ሁለት ዓርብ፣ ሌላው አንድ ዓርብ ይዞ ይቀርባል። ጊዜውን ማርዘም ካስፈለገ 14 ወይም 28 ያድርጉት።

ሰባት ቀን ሌላ ወጥመድ አለው። ደመወዝ በገባ ሰሞን ያለው ሳምንትና ሊያልቅ ሲል ያለው ሳምንት አንድ አይደሉም። መረጃ ሰብሳቢዎችዎ ሁሉንም ቤት በአንድ ሳምንት ጨርሰው ቢመለሱና ያ ሳምንት ደመወዝ የገባበት ቢሆን፣ በአራት ሲባዛ የሚወጣው ወር የማንም ወር አይሆንም። ስለዚህ 200ውን ቤት በአራት ይክፈሉትና በየሳምንቱ ሃምሳ ሃምሳውን ይጠይቁ፤ የትኛው ቤት በየትኛው ሳምንት እንደሚውል በዕጣ ይወሰን። ረመዳን ላይ የሚውል ጥናትም ለብቻው ይተንተን እንጂ በ12 ተባዝቶ ዓመት አይደረግ። ከዚህ ጋር የሚሄድ ገደብም አለ። የሰባት ቀን መልስ የሰፈሩን አማካይ ጥሩ አድርጎ ይነግራል፤ የአንድን ቤት ኑሮ ግን አይነግርም። በዚያ ሳምንት ጆንያ ያልገዛው ቤት ሩዝ የማይበላ ቤት አይደለም። ለድጋፍ የሚገባውን ቤት መለየት ከሆነ ዓላማዎ፣ የተገዛውን ሳይሆን የተበላውን ይጠይቁ።

ሐዋላ፣ እቁብ፣ የስልክ ካርድና የመብራት ሂሳብ በወር ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ ጀራዲያ ከአዲስ አበባ የምትለይበት ነገር አለ፤ የወር ትርጉም ሦስት ነው። ደመወዝ በአብዛኛው በፈረንጅ ወር ይቆጠራል፤ ረመዳንና ዒድ በሒጅራ ወር ይመጣሉ፤ አገር ቤት ያለው ቤተሰብና የቤተ ክርስቲያኑ በዓል ደግሞ በእኛው ባለ 30 ቀን ወር ይሄዳሉ። «ባለፈው ወር» ተብላ የተጠየቀች ሴት የትኛውን እንደቆጠረች መረጃ ሰብሳቢው ማወቂያ የለውም። ስለዚህ «ወር» የሚለውን ቃል ከጥያቄው ያውጡትና «ያለፈው ደመወዝዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ የዚህኛው እስከገባበት ቀን ድረስ» ብለው ይተኩት። ደመወዟ የሚቆራረጥባት ወይም የቀን ሥራ የምትሠራ ከሆነች፣ ከቀን መቁጠሪያ ላይ 28 ቀን ተቆጥሮ ይታይላት።

በዓመት የሚጠየቁትን መለየት ቀላል ነው፤ ኢቃማ ማሳደሻ፣ የቤት ኪራይ (በሪያድ ብዙ ጊዜ በስድስት ወር ወይም በዓመት ይከፈላል)፣ የአውሮፕላን ቲኬትና የትምህርት ቤት ክፍያ ናቸው። እነዚህን በወር መጠየቅ ምን እንደሚያደርስ አንድ ሂሳብ ያሳይ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2017 አጋማሽ ጀምሮ በውጭ ዜጎች ጥገኛ የቤተሰብ አባላት ላይ የጣለችው ክፍያ ለአንድ ሰው በወር ከ100 ሪያል ተነሥቶ በ2020 400 ደርሷል፤ የሚከፈለውም ኢቃማ ሲታደስ አብሮ ነው። ሚስትና ሁለት ልጅ ያለው አባወራ ዓመቱን ሙሉ በአንዴ ሲከፍል 14,400 ሪያል ይሆንበታል። ጥያቄው በወር ከሆነና ክፍያው እዚያ ወር ላይ ከዋለ፣ ተንታኙ በ12 አባዝቶ 172,800 ሪያል ይጽፍለታል፤ ቀጥሎ ያለው ቤት ግን ያንኑ እየከፈለ ዜሮ ይጻፍለታል። በሩብ ዓመት የሚያድሱም ስላሉ፣ መጀመሪያ «ለስንት ወር ነው የከፈሉት?» ብሎ መጠየቅና ወደ ወር መለወጥ ይበልጣል። በተቃራኒው ልብስን፣ ጫማንና የቤት ዕቃን በዓመት መጠየቅ መርሳትን ይጋብዛል፤ ለእነሱ ሁለት በዓሎችን ወሰን አድርጎ ሦስት ወር ያህል መያዝ ይሻላል እላለሁ።

ሕመም ከወጪ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም የሚረሳው ነገር በሰዎቹ ኑሮ ይለያያል። ጂሽኑ ዳስና ባልደረቦቹ በደልሂ ከ2000 እስከ 2002 ድረስ 1,621 ሰዎችን በሳምንትና በወር ጥያቄ ተከታትለው፣ በ2008 ደግሞ ጊዜውን በዕጣ እየቀያየሩ ሙከራውን ደገሙት። በወር ሲጠየቁ የሚነገረው ሕመምና የሐኪም ጉብኝት ከሳምንቱ በብዙ አነሰ፤ ያነሰውም በድሆቹ ላይ ይበልጥ ነበር። በሳምንቱ ጥያቄ ድሆቹ ከሀብታሞቹ በላይ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ታዩ፤ በወሩ ጥያቄ ደግሞ ያነሰ የሚሄዱ መሰሉ። አንድ ሐረግ በመቀየሩ ብቻ የጤና ፖሊሲው ድምዳሜ ተገለበጠ። አጥኚዎቹ የሰጡት ግምት፣ ለድሃ ሰው መታመም የተለመደ ኑሮ እንጂ ልዩ ክስተት ስላልሆነ ከትዝታው ቶሎ ይወጣል የሚል ነው። ጀራዲያ ላይም ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ ኢንሹራንስ ያለው ሠራተኛ ክሊኒክ ሄዶ ካርድ ያወጣል፣ የሕመም ፈቃድ ይወስዳል፣ ያስታውሰዋል። ኢቃማ የሌላት ሴት ግን ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝታ በማግስቱ ሥራ ትገባለች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ «ታመው ነበር?» ስትባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች።

ስለዚህ ድንገተኛ ሕመምን ከሁለት ሳምንት በላይ አይጠይቁ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም የሕፃናትን ትኩሳትና ተቅማጥ የሚጠይቀው በሁለት ሳምንት ነው። ሆስፒታል መተኛት፣ ቀዶ ሕክምናና ወሊድ ግን አልፎ አልፎ የሚሆኑና የማይረሱ ስለሆኑ ዓመት ይችላሉ፤ በሁለት ሳምንት ቢጠየቁ ከ200 ቤት አንድም ላይገኝ ይችላል። ስኳርና ደም ግፊትን በተመለከተ የጊዜ ወሰን ትርጉም የለውም፤ «አሁን የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ይበቃል። የሕመሙን ጥያቄ ሲጠይቁም «ታመው ነበር?» ብሎ ከመዝጋት ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም፣ ሳል እያሉ አንድ በአንድ መጥራት የተረሳውን ያወጣል።

አጥሩን ማቆም የሚቻልባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ጠንካራው ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ የተደረገው ቃለ መጠይቅ ለቁጥር ሳይሆን ለአጥርነት ይውላል። የተነገረው ሁሉ ይመዘገባል፤ በሳምንቱ ሲመለሱ «ያን ዕለት ከጠየቅንዎት ወዲህ» ተብሎ ይጠየቃል፤ ቀድሞ የተነገረው ጆንያ ዳግም ቢመጣ «ይህን ባለፈው ጊዜ ነግረውኛል፣ ሌላ ነው?» ይባላል። የአሜሪካ የወንጀል ሰለባዎች ጥናትም ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ለዚህ ብቻ ሲጠቀምበት ኖሯል። ዋጋው እጥፍ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ በተለይ የቤት ሠራተኞች በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚገኙበት ሰፈር ከባድ ነው። ግን ሁለተኛውን በስልክ ማድረግ ይቻላል፤ ለቀለብ ጥያቄ ብቻ ቢደረግ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው መንገድ የታወቀ ቀንን መነሻ ማድረግ ነው። ኤልዛቤት ሎፍተስና ዌስሊ ማርበርገር በ1983 ባሳተሙት ሙከራ፣ «ባለፉት ስድስት ወራት» ከማለት ይልቅ «የሴንት ሄለንስ ተራራ ከፈነዳ ወዲህ» ብሎ መጠየቅ ወደ ውስጥ የሚሳበውን አሳንሶ አገኙት። ለጀራዲያ ተራራ አያስፈልግም፤ ዒድ አለ፣ ፋሲካ አለ፣ እንቁጣጣሽ አለ። ነገር ግን ምልክቱ ለተጠያቂው የራሱ መሆን አለበት፤ ለሙስሊሙ ጥምቀትን፣ ለክርስቲያኑ ዐረፋን መነሻ ማድረግ አጥሩን በግማሽ ቤት ላይ ብቻ ያቆማል። ለመጠይቁ ሁለት ዝርዝር ያዘጋጁና መረጃ ሰብሳቢው የሚስማማውን ይምረጥ፤ ሁለቱም ዝርዝሮች ግን ወደ አንድ የቀን መነሻ የሚያደርሱ ይሁኑ።

ሦስተኛው ዋጋው ርካሽ ነው፤ በአንድ ጉብኝት ይሠራል። መጀመሪያ የሩቁን ጊዜ፣ ቀጥሎ የቅርቡን መጠየቅ ነው። ሎፍተስና ባልደረቦቿ በ1990 ስለ ሕክምና ሲጠይቁ መጀመሪያ ስድስቱን ወር፣ ከዚያ ሁለቱን ወር የጠየቁበት ቅደም ተከተል መልሱን ወደ ሕክምና መዝገቡ አቀረበው። ተጠያቂው ሩቁ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ሲያገኝ ወደ ቅርቡ አይገፋውም። ቃለ መጠይቁ እሑድ ከሆነ፣ ቀን መቁጠሪያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንዲህ ይሄዳል፦

«እህቴ፣ መጀመሪያ ካለፈው እሑድ በፊት ስለነበረው ሳምንት ልጠይቅሽ። በዚያ ሳምንት ሩዝ ገዝተሽ ነበር?»

«አልገዛሁም።»

«አሁን ደግሞ ካለፈው እሑድ ጧት ጀምሮ እስከ ትናንት ቅዳሜ ማታ ያሉት ሰባት ቀናት። በእነዚህስ?»

«አንድ ጆንያ ገዝቻለሁ። ቆይ፣ እሱማ ደመወዝ የገባ ዕለት ነው። ሐሙስ ነበር… እንደሱ ከሆነ ያኛው ሳምንት ነው።»

መረጃ ሰብሳቢው የመጀመሪያውን መልስ ያርማል፣ ሁለተኛውን ባዶ ይተዋል። «ባለፈው ሳምንት» የሚል ሐረግ በዚህ ንግግር ውስጥ እንዳልገባ ልብ ይበሉ፤ ለአንዱ ሰባት ቀን፣ ለሌላው ከእሑድ በፊት ያለው ሳምንት ነውና። ቃለ መጠይቁ የሚደረግበት ዕለትም ገና ስላላለቀ አይቆጠርም።

ይህ ሁሉ ከሚሆን የባንክ መልእክትና የሐዋላ ደረሰኝ ስልካቸው ላይ አለ፣ እሱ አይሻልም ወይ? የሚል ይኖራል። ለሐዋላ በእርግጥ ይሻላል። ለባቃላው ግን ብዙው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ መልእክት ያላቸውን ብቻ ማመን ደህና ደመወዝ ያላቸውን ብቻ መቁጠር ይሆናል። ኢቃማ የሌለው ሰው «ስልክህን አሳየኝ» ሲባል በሩን ይዘጋል፤ እሱን አጥቶ የተገኘ ትክክለኛነት ምንም አይረባም። ስለዚህ ሰውየው በቃል ከመለሰ በኋላ፣ ፈቃደኛ ከሆነ ራሱ ስልኩን አይቶ ቀኑን እንዲነግርዎት ያድርጉ፤ ምስል አይነሣ፣ ቁጥር አይገለበጥ። በቃል የተባለውና ስልኩ ላይ ያለው ቀን ልዩነት ለዚህ ሰፈር ወሰኑ ላይ ምን ያህል እንደሚፈስ የሚለካ መረጃ ይሰጥዎታል።

መረጃው ሲገባ ስሕተቱ ምልክት ይተዋል። እያንዳንዱን ግዢና ሕመም በስንተኛው ቀን እንደሆነ ካስመዘገቡ፣ ቁጥሩ በቀናቱ ላይ እንዴት እንደተዘረጋ ይዩ። ወደ ኋላ እየሄደ የሚመናመን ከሆነ መርሳት አለ፤ መመናመኑ ቀርቶ ልክ በሰባተኛው ቀን ላይ የሚከመር ከሆነ ከውጭ የተሳበ ነው። በሕመም ላይ 7፣ 10፣ 15 እና 30 የሚሉ ቁጥሮች ከተበራከቱ ሰዎች እየገመቱ እንደሆነ ይወቁ፤ አሥራ ሦስት ቀን የሆነው «ሁለት ሳምንት» ይባላል፣ አሥራ ስድስትም እንዲሁ፣ ሁለተኛው ግን ወሰኑን ጥሶ ይገባል። ሁለት ጊዜ ከጠየቁ ደግሞ የመጀመሪያው ዙር አማካይ ከሁለተኛው ምን ያህል እንደበለጠ ማየት ነው፤ ልዩነቱ በአመዛኙ የአጥሩ ዋጋ ነው፣ ከፊሉ ግን የተጠያቂው መሰልቸት ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም ለቴሌስኮፒንግ አይስጡት።

«መርሳት ይቀንሳል፣ መሳብ ይጨምራል፤ ተጣፍተው ልክ ይመጣሉ» የሚል ክርክር ልምድ ካላቸው ሰዎችም ይሰማል። በድምሩ ላይ አልፎ አልፎ ልክ ይመጡ ይሆናል። ነገር ግን የሚረሳው ዳቦ ነው፣ የሚሳበው ማቀዝቀዣ ነው፤ የሚረሳው የድሃዋ ትኩሳት ነው፣ የሚሳበው ኢንሹራንስ ያለው ሰው ቀዶ ሕክምና ነው። ድምሩ ቢስተካከልም ማን ምን ላይ እንዳወጣ የሚለው ይዛባል፤ ጥናቱ የተደረገው ደግሞ ለዚያ ነው። ሕንድ ይህን በአገር ደረጃ አይታዋለች። በ1990ዎቹ የናሙና ጥናት መሥሪያ ቤቷ ግማሹን ቤተሰብ እንደ ቀድሞው በ30 ቀን፣ ግማሹን ምግብን በሰባት ቀንና አልፎ አልፎ የሚገዛውን በዓመት ሲጠይቅ፣ በአዲሱ መጠይቅ የድሆች ቁጥር በግማሽ ያህል ወረደ። ቀጥሎ በ1999/2000 ሁለቱንም ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ ጎን ለጎን ሲጠይቁ ሰዎቹ አንዱን መልስ ከሌላው ጋር አስማሙት፤ ድህነቱ ቀነሰ አልቀነሰም የሚለው ለዓመታት አከራከረ።

ለጀራዲያም ጥናቱን በሚቀጥለው ዓመት ለመድገም ካሰቡ፣ ጊዜውን መቀየር ቢያስፈልግ እንኳ በአንድ ጊዜ አይቀይሩት። ከ200ው ቤት ግማሹ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ መጠይቅ ይጠየቅ፤ የትኛው ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ይሁን፤ አንድ ቤት ግን ሁለቱን አይጠየቅ። በሪፖርቱ ሠንጠረዥም ከእያንዳንዱ አማካይ አጠገብ ጥያቄው የያዘው የቀን ብዛት፣ መነሻው በምን እንደታጠረና ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ሳምንት ከደመወዝ በፊት ወይም በኋላ እንደሆነ ይጻፍ።